«ማለፊያ» የሚለው ቃል ሲያምታታ፦ ትርጉሙን የመለየትና በጽሑፍ የማስተካከል አሠራር

ሐዋሳ ውስጥ አማርኛ የብዙ አካባቢ ሰዎች መገናኛ ነው። ከተማዋ ተወልዶ ያደገው፣ ከጎንደርና ከጎጃም ለሥራ የመጣው፣ ከወሎ ለትምህርት የተመደበው ሁሉ በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ዎርክሾፕ፣ በአንድ ባጃጅ ላይ ይገናኛል። ንግግሩ በአብዛኛው ያለ ችግር ይካሄዳል። የማይታወቅ ቃል ሲመጣም ሰሚው ወዲያው «ምን ማለት ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነገሩ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት፣ ነገር ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ የሚያውቀው ቃል ነው፤ ሰሚው የገባው ስለሚመስለው አይጠይቅምና። ከእነዚህ ቃላት መካከል በሥራዬ ላይ ትልቁን ስህተት ያሠራኝ «ማለፊያ» ነው።

በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ የዕለት ተዕለት ንግግር «ማለፊያ» ምስጋና ነው። «ማለፊያ ጠላ» ማለት ጥሩ የወጣለት ጠላ፣ «ማለፊያ ልጅ» ማለት በመልኩም በጠባዩም የተመሰገነ ልጅ፣ «ማለፊያ አድርጎ ሠራው» ማለት ደግሞ አሳምሮ ሠራው ማለት ነው። በአዲስ አበባ እና እንደ ሐዋሳ ባሉ የደቡብ ከተሞች ያደገ ሰው ግን፣ በተለይ ወጣቱ፣ ቃሉን ሲሰማ በቅድሚያ የሚታየው ማለፍ የሚለው ግስ ነው። «መግቢያ» ከመግባት፣ «መውጫ» ከመውጣት እንደሚወጣ ሁሉ «ማለፊያ» ለእርሱ የሚታለፍበት መንገድ፣ ወይም ፈተና ለማለፍ የሚበቃ ነጥብ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ይህ ነጥብ በተለምዶ 50 ከመቶ በመሆኑ፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሹን እንዲያመጡ ከተጠየቁ ወዲህ «ማለፊያ» እና «50» በተማሪዎቻችን አእምሮ ውስጥ ይበልጥ ተጣብቀዋል።

እንግዲህ አንዱ «እጅግ ጥሩ» ሲል ሌላው «ለጥቂት አለፈ» ብሎ ይሰማል። ድንበሩ ግን በካርታ ላይ እንደሚሰመር መስመር አይደለም። የሰሜኑም ተናጋሪ ፈተና ማለፍን ያውቃል፤ በሐዋሳም ዕድሜያቸው የገፋና ወላጆቻቸው ከሰሜን የመጡ ሰዎች ምስጋናውን ያውቁታል። ስለዚህ የተናጋሪውን የትውልድ ቦታ ማወቅ ፍንጭ ቢሰጥም ብቻውን አይበቃም። ድምፁም አይረዳም። «ዋና» የሚለውን ቃል ብንወስድ በሐይቁ ውስጥ የሚዋኙት ዋናና የመሥሪያ ቤቱ ዋና ክፍል በጽሑፍ አንድ ቢሆኑም በንባብ አንዱ ይላላል፣ ሌላው ይጠብቃል፤ «ማለፊያ» ግን በሁለቱም ትርጉሙ አንድ ዓይነት ይነበባል። መለየት የሚቻለው ከቃሉ አጠገብ ያሉትን ቃላት በመመልከት ነው።

ደረጃ 1፦ ማሰሪያ አንቀጹን ይመልከቱ

ዓረፍተ ነገሩ የታሰረው በ«ነው» ነው ወይስ በ«አለ»? ይህ አንድ ጥያቄ ብዙውን ግራ መጋባት ያጠራል። «ማለፊያ አለው» ወይም «ማለፊያ የለውም» ከተባለ ቃሉ ስም ሆኖ የሚታለፍበትን ቦታ ያመለክታል፤ በዚህ አገባብ ምስጋና ሊሆን አይችልም። «መንገዱ ማለፊያ የለውም» የሚል ሰው ከጎንደርም ይምጣ ከሐዋሳ መንገዱ ተዘግቷል ማለቱ ነው። «መንገዱ ማለፊያ ነው» ሲባል ግን ጥርጣሬው ይጀምራል። የሰሜኑ ተናጋሪ በዚህ «መንገዱ ጥሩ ነው» ማለቱ ሲሆን፣ የሐዋሳ የባጃጅ ሾፌር ግን «ወደ ወዲያ የሚያሳልፍ መንገድ ነው» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ክረምት ላይ አቶቴ አካባቢ ባሉ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አንድ መንገድ ወደ ወዲያ ስላሳለፈ ብቻ ጭቃ የለበትም ማለት አይደለምና።

ደረጃ 2፦ ከፊቱ የተቀመጠውን ያንብቡ

«የመኪና ማለፊያ»፣ «ለክፍል ማለፊያ»፣ «የማለፊያ ነጥብ» በሚሉት ውስጥ «የ» እና «ለ» ቃሉን ከማለፍ ግስ ጋር አጥብቀው ያስሩታል፤ ስለዚህ አያሳስቱም። ቃሉ ያለ «የ» እና ያለ «ለ» ከስም ፊት ብቻውን ሲቆም፣ ለምሳሌ «ማለፊያ ምግብ»፣ «ማለፊያ ጨርቅ» ሲባል፣ ምግብም ጨርቅም ስለማይታለፉ ምስጋናው ግልጽ ነው።

እውነተኛው ወጥመድ ያለው የሚታለፍና የሚመሰገን ነገር በአንድ ስም ሲጠራ ነው። «ውጤት»፣ «ነጥብ»፣ «ሥራ»፣ «ፈተና» እና «መንገድ» እንዲህ ያሉ ስሞች ናቸው። «ልጅዎ ማለፊያ ውጤት አምጥቷል» የሚል ወረቀት ከሐዋሳ ወደ ደብረ ታቦር ቢላክ፣ ጻፊው 51 ከመቶ እያሰበ አባትየው ልጃቸው ከክፍሉ ቀዳሚ እንደሆነ ሊያምኑ ይችላሉ። አባትየው ያነበቡት ስህተት የለበትም፤ የጻፈውም አልዋሸም። እነዚህን አምስት ስሞች ከ«ማለፊያ» አጠገብ ባዩ ቁጥር ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ «በጣም» የሚለውን ቃል ያስገቡ

በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «በጣም» ወይም «እጅግ» ጨምረው ያንብቡት። ምስጋና ከሆነ ይቀበለዋል፤ «በጣም ማለፊያ ጠላ» ለሰሜኑ ጆሮ አይከብድም። መተላለፊያ ወይም የነጥብ ወሰን ከሆነ ግን አይቀበለውም፤ «በጣም የመኪና ማለፊያ» የሚል የለም። ተናጋሪው ራሱ «እጅግ ማለፊያ» ካለ፣ ወይም ቃሉን ደግሞ «ማለፊያ ማለፊያውን መረጠ» ካለ፣ ወይም «ከዚያኛው ይኼኛው ማለፊያ ነው» ብሎ ካወዳደረ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም፤ የማለፊያ ነጥብ ይደረስበታል ወይም አይደረስበትም እንጂ አንዱ ከሌላው አይበልጥምና።

የዚህ መፈተኛ ጉድለት አንባቢው ራሱ በሚያስገባው «በጣም» ላይ መመሥረቱ ነው። «ሥራዋ ማለፊያ ነው» በሚለው ላይ «በጣም» ቢያስገቡ ለአንዱ ጆሮ ይስማማል፣ ለሌላው አይስማማም፤ ይህም የሚነግርዎ ስለ ጻፊው ሳይሆን ስለ ራስዎ ጆሮ ነው። መፈተኛውን የሚጠቀሙት እንግዲህ ጻፊው በሌላ ቦታ ቃሉን እንዴት እንደተጠቀመበት ለማየት ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ወይም በሌላ ደብዳቤው «እጅግ ማለፊያ» ብሎ ከተገኘ ትርጉሙ ታወቀ።

ደረጃ 4፦ ዙሪያውን ያንብቡ፤ ካልጠራም ይጠይቁ

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት መዘርዘር ይጠቅማል። በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ሠልጣኞችን ወደ ሥራ ቦታ የምልክና የሚመጣውን ምዘና ወደ ነጥብ የምለውጥ ሠራተኛ ነበርሁ። አንዲት የእንጨት ሥራ ሠልጣኝ እዚሁ ሐዋሳ በሚገኝ ዎርክሾፕ 2 ወር ሠርታ ስትመለስ፣ የዎርክሾፑ ባለቤት፣ በደብረ ታቦር አካባቢ ያደጉ የተከበሩ ባለሙያ፣ ቅጹን እንዲህ ሞልተው ላኩልኝ፦ «የሥራ ጥራት፦ ሥራዋ ማለፊያ ነው። የመሣሪያ አያያዝ፦ ማለፊያ። ሰዓት ማክበር፦ ጠዋት ጥቂት ትዘገያለች፤ እርሱ ይታረማል።»

እኔ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። «ማለፊያ» የሚለውን እንዳነበብሁ ሳላመነታ ለሥራ ጥራቷ ከ10 5፣ ለመሣሪያ አያያዟም 5 ሰጠኋት። ለሰዓት ማክበር፣ «ጥቂት» የሚለውን አይቼ፣ 7 ሰጠሁ። ልጅቷ ውጤቷን ስታይ ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ግን የሠራችውን የቁም ሳጥን በር በስልኳ ፎቶ አንሥታ አመጣችና «ጋሼ እኮ ይህን ለደንበኛ የሸጡት ምንም ሳይነኩት ነው» አለችኝ።

ወረቀቱን እንደገና ሳነበው መልሱ መጀመሪያውኑ እዚያው ነበረ። ባለሙያው የተወቀሰውን አንዱን ነገር ለይተው «እርሱ ይታረማል» ብለዋል። «እርሱ» አንድን ነገር ከሌሎቹ ይለያል፤ ሌሎቹም የሚታረሙ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ባልተለየ ነበር። በእኔ ነጥብ ግን የተወቀሰችበት 7፣ ያልተወቀሰችበት 5 ሆኖ ተገኘ። ይህን ምልክት ከሁሉም አስበልጬ እመክራለሁ፦ በትርጉምዎ መሠረት ያወጡት ነጥብ ወቀሳውን ከምስጋናው በላይ ካስቀመጠ፣ የተሳሳተው ትርጉምዎ ነው።

ከዚያ በኋላ ደወልሁ። አጠያየቁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ማለፊያ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ጉዳት አለው፤ አንደኛ፣ ተናጋሪው ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው ስለማያስብ «ማለፊያ ነው አልሁህ እኮ» ብሎ ያንኑ ይደግመዋል፤ ሁለተኛ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው አነጋገሩ እንደተናቀ ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ ሥራው ይጠይቁ፤ መልሱም በቁጥር ወይም በድርጊት የሚሰጥ ይሁን።

«ጋሼ፣ የሥራዋን ጥራት ከ10 ቢሰጧት ስንት ይሰጧታል?» አልኋቸው።

«9። 10ማ ለፈጣሪ ነው» አሉኝ።

«ከእጇ ከወጣ በኋላ እርስዎ ያስተካከሉት ሥራ ነበረ?»

«አንድም። ማለፊያ ልጅ ናት ብዬ ጽፌልህ የለም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ልበል?»

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የማይተናነስ ዋጋ አለው። ቁጥር መስጠት የማይወዱ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ «ያስተካከሉት ነበረ?»፣ «ደግመው ይቀጥሯታል?»፣ «ብቻዋን ይተዋታል?» የሚሉትን ግን ሁሉም ሳይቸገር ይመልሳል። በመጨረሻ የሰሙትን በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሯቸው፦ «እንግዲህ በጣም ጥሩ ሠራተኛ ናት ብዬ ልጻፍ?» እሺ ካሉ ጥርጣሬው አብቅቷል።

ደረጃ 5፦ ሲጽፉ ቃሉን በሌላ ይተኩ፤ ነገር ግን በየትኛው እንደሆነ ይጠንቀቁ

ለንግግር «ማለፊያ» መልካም ቃል ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ነጥብ፣ ክፍያ ወይም ሥራ በሚወሰንበት ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት በሚያነቡት ይተካ። ምስጋና ከሆነ «በጣም ጥሩ» ወይም «ግሩም» ይጻፍ። ፈተና ስለ ማለፍ ከሆነ «አልፋለች» ወይም «ለማለፍ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ነጥብ አሟልታለች» ይባል። መንገድ ከሆነ «መተላለፊያ» ይበቃል።

አዘውትሮ የሚፈጸመው ስህተት «ማለፊያ»ን በ«ደህና» መተካት ነው። ይህ አንዱን ወጥመድ በሌላ መለወጥ ነው፤ «ደህና» ለአንዳንዱ ጆሮ ጥሩ ሲሆን ለከተማው ወጣት ግን «ምንም አይል» ወደሚለው ያዘነብላል። «ደህና ሠራተኛ ናት» ተብሎ የተጻፈላት ሠልጣኝ ሥራ ፍለጋ ብትሄድ ቀጣሪው ለብ ያለ አስተያየት አድርጎ ሊያየው ይችላል። «ሸጋ» የሚለውም የሰሜን ምስጋና ቢሆንም በከተማ መልክን ስለሚያስታውስ በሥራ ምዘና ላይ፣ በተለይ ስለ ሴት ሠልጣኝ ሲጻፍ፣ ቦታ የለውም።

ሌላው ጥንቃቄ የሰውን ቃል ስለመገልበጥ ነው። ባለሙያው የጻፉትን ሰርዞ «በጣም ጥሩ» ብሎ በላዩ መጻፍ አይገባም፤ ጽሑፉ የእርሳቸው ነው፣ ፊርማውም የእርሳቸው ነው። የመጀመሪያው ቃል እንዳለ ይቆይና ከታች በመዝጋቢው ስም ይጨመር፦ «መዝጋቢው ምዘና ሰጪውን በስልክ ጠይቆ እንዳረጋገጠው፣ ማለፊያ የተባለው በጣም ጥሩ ለማለት ነው፤ በነጥብ ከ10 9።» ቀንና ፊርማም ይኑረው።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ስህተቱ ከተገኘ

ቀደም ብለው የሰጡትን ነጥብ በዝምታ አይለውጡ፤ ውጤቱን ያዩ ሌሎች ሰዎች ካሉ ለውጡ አድልዎ ይመስላል። የማስተካከያ ማስታወሻው ሦስት ነገሮችን ብቻ ይያዝ፦ በመጀመሪያ የተጻፈውን ቃል፣ የተነበበበትን የተሳሳተ መንገድ፣ የተረጋገጠበትን ሁኔታ። የእኔ ማስታወሻ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ምዘና ሰጪው ‹ማለፊያ› ያሉት በአካባቢያቸው አነጋገር እጅግ ጥሩ ለማለት ሲሆን፣ መዝጋቢው ዝቅተኛ የማለፊያ ነጥብ አድርጎ በስህተት ተረድቶታል። በስልክ ተጠይቀው ለሥራ ጥራት 9፣ ለመሣሪያ አያያዝ 9 መስጠታቸው ስለተረጋገጠ ነጥቡ ተስተካክሏል።» ስለ ሰዓት ማክበሯም በዚያው ስልክ ጠይቄ ስለነበር 7ቱ ባለበት ጸና። ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ወረቀቱ ቢስተካከልም አንድ ሌሊት በከንቱ አዝና አድራለች።

የቀድሞ መዝገቦችንም ማገላበጥ ይገባል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ አንባቢ በዚያው ጆሮ ሌላም አንብቦ ይሆናልና። ፍለጋው ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ «ማለፊያ» የሚል አስተያየት ኖሮት ነጥቡ ግን ከ5 እስከ 6 የሆነውን ቅጽ ብቻ መለየት ይበቃል። እነዚያን ጻፊዎቻቸውን እየጠየቁ ያጣሩ፤ ጥቂቶቹ በእርግጥም «ለጥቂት አልፏል» ለማለት የተጻፉ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሁሉንም በጅምላ ወደ 9 ማሳደግ ሌላ ስህተት ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ቅጹን ያስተካክሉ

ቅጹ የሚጠይቀው ቃል ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ይደገማል፤ ቁጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ «ጠዋት ትዘገያለች» የሚለውን የመሰለ ጠቃሚ ነገር ይቀራል። እኛ ከእያንዳንዱ አስተያየት አጠገብ ትንሽ ሳጥን ጨምረን «ከ10» ብለን ጻፍንበት፤ ከታችም «5 ማለት ለማለፍ የሚበቃ፣ 9 ማለት የላቀ» የሚል አንድ መስመር አከልን። መስመሩ አስፈላጊ የሆነው 5 ለሁሉም ሰው የማለፊያ ወሰን ስላልሆነ ነው። ቅጹ በተለወጠ በሚቀጥለው ዙር እኚያው ባለሙያ ሌላ ሠልጣኝ ተልኮላቸው በሥራ ጥራት ረድፍ ሳጥኑ ውስጥ 8 ጻፉ፣ ከጎኑም እንደ ልማዳቸው «ማለፊያ ልጅ፤ ልኬት ላይ ግን ይቸኩላል» ብለው ጨመሩ። ቁጥሩን ወደ መዝገቡ አስገባሁት፤ ቃሉንም እንዳለ ገልብጬ አስቀመጥሁት።